የዓመቱ ግለ ምዘና፦ ስኬትን በማስረጃ፣ ድክመትን በቀና አጻጻፍ ስለማስፈር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የክፍል ኃላፊ ሆኜ ለዓመታት የሌሎችን የግለ ምዘና ቅጽ አንብቤያለሁ፤ የራሴንም በየዓመቱ እሞላለሁ። ከታች ያሉት የምዘና ሰሞን ሲደርስ ባልደረቦች የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። ነገሩ እንዳይበታተን አንዲት ሠራተኛ ይዘን እንሄዳለን። የምትሠራው በፋይናንስ ክፍል ነው፤ የአቅራቢዎችን የክፍያ ጥያቄ ትቀበላለች፣ ሰነዱ መሟላቱን ትመረምራለች፣ ክፍያው እስኪወጣም ትከታተላለች። በየወሩ ደግሞ የባንክ ሂሳብ አስታርቃ ሪፖርት ታስረክባለች። ሠራተኛዋም ሆነች ቁጥሮቿ ለማሳያ ብቻ የቀረቡ ናቸው።

ኃላፊዬ በየቀኑ እያየኝ ለምን ራሴን እመዝናለሁ?

ኃላፊዎ የሚያየው እርስዎ የሚያስቡትን ያህል አይደለም። አንድ ክፍያ ሲዘገይ አቅራቢው ስለሚደውልለት ያውቃል። መቶ ክፍያ በሰላም ሲወጣ ግን የሚደውል የለም፤ ስለዚህ ጥሩ ሥራ በባሕርይው ድምፅ የለውም።

ሌላም ምክንያት አለ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ለሠራተኞቻቸው ነጥብ ከሰጡ በኋላ አንድ ላይ ተቀምጠው ነጥቦቹን ያስተያያሉ፤ አንዱ ክፍል ለጋስ፣ ሌላው ቆንቋና እንዳይሆን። እዚያ ስብሰባ ላይ እርስዎን የማያውቅ ሰው “ለዚች ሠራተኛ 4 የሰጠኸው ለምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ኃላፊዎ የሚመልሰው ትዝ ካለው ወይም እርስዎ ከጻፉለት ነው። “ታታሪ ናት” ቢል ሌላውም ኃላፊ ስለ ራሱ ሠራተኛ ያንኑ ይላል፣ ክርክሩም እዚያው ይቆማል። “ጎድሎ የሚመለስ ሰነድን ከ38 ወደ 12 አውርዳለች” ካለ ግን ሌላው የሚለው ያጣል።

እኔ እያንዳንዱን አረፍተ ነገር የምፈትነው በዚህ ነው፦ ኃላፊዬ ይህን እኔ በሌለሁበት ሊደግመው ይችላል? “በምን አወቅህ?” ቢባልስ መልስ አለው? ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ ፈተና የሚመነጭ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ምንም አልመዘገብኩም። ማስረጃ ከየት ይመጣል?

አብዛኛው ሰው እንዲሁ ነው። ከትዝታ የጀመረ ሰው የሚጽፈው የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ነው። ቅጽ ሳነብ ምሳሌዎቹ በሙሉ ከቅርብ ሳምንታት የመጡ ከሆኑ ሠራተኛው ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ እንደጻፈው ወዲያው አውቃለሁ።

ሁለት ሰዓት ይመድቡ፤ ከመጻፍዎ በፊትም ፍለጋ ያካሂዱ። መጀመሪያ የተላኩ ኢሜይሎችን ይክፈቱ። ከደረሱዎት ይልቅ የላኳቸው ይጠቅማሉ፤ ሌሎች የጠየቁዎትን ሳይሆን እርስዎ የሠሩትን ያሳያሉና። ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያዎን፣ ስምዎ ያለበትን ቃለ ጉባኤ፣ የሥራ መዝገቡን፣ በመጨረሻም ያለፈውን ዓመት ቅጽ ይመልከቱ። ባለፈው ዓመት “አሻሽላለሁ” ያሉትን ኃላፊዎ ሊያስታውሰው ይችላል፤ እርስዎም ቢያስታውሱት ይሻላል።

ከመጀመሪያው ወር ተነስተው ወር በወር ይሂዱ። ለእያንዳንዱ ወር “ምን ተለወጠ? በምን ይታያል?” የሚል አንድ መስመር ይበቃል። የሚወጣው ዝርዝር ሃያ ወይም ሠላሳ መስመር ሊሆን ይችላል። ወደ ቅጹ የሚገቡት ግን ሦስት ወይም አራት ናቸው።

የእኔ ሥራ የዘወትር ነው፤ ስኬት የሚባል ነገር የለውም። ምን ልጻፍ?

የክፍያ ሠራተኛዋም የመጀመሪያ ረቂቋ ይህን ይመስል ነበር፦ “የክፍያ ሥራን በከፍተኛ ትጋትና በቅልጥፍና በአግባቡ አከናውኛለሁ።” ይህ አረፍተ ነገር ለጥበቃም፣ ለሾፌርም፣ ለዳይሬክተርም ይሆናል። ለሁሉ የሚሆን ደግሞ ለማንም አይሆንም።

የዘወትር ሥራ ያለው ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሥራው ስለሚደጋገም መቁጠር ይቻላል። ሠራተኛዋ የክፍያ መዝገቡን ከፈተች። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ቀኖች ተመዝግበዋል፦ የገባበትና የተከፈለበት። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት 96 ጥያቄዎች፣ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ደግሞ 104 ጥያቄዎች አገኘች። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት ለሁሉም አሰላች።

እዚህ ላይ አማካይ ለማውጣት መቸኮል ያሳስታል። ከ104ቱ አንዱ በውል ክርክር ምክንያት 70 ቀን ተንጠልጥሎ ነበር፤ ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን አማካዩን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ስለዚህ ቀኖቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራ መሐል ላይ የሚውለውን ወሰደች። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት 11 ቀን፣ በመጨረሻው 6 ቀን ሆነ። የተለመደ ክፍያ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚናገረው ይህ ነው። በቅጹ ላይም የትኛውን ስሌት እንደተጠቀመች በአጭሩ መጥቀስ አለባት፤ አለበለዚያ አማካዩን ራሱ የሚያሰላ ሰው ሌላ ቁጥር ያገኝና እምነቱን ያነሳል።

የመነሻ ቁጥሩን ልብ ይበሉ። “በ6 ቀን ከፍያለሁ” ብቻ ቢባል 6 ጥሩ ይሁን መጥፎ ማንም አያውቅም። “ከ11 ወደ 6” ሲባል ግን ነገሩ ራሱ ይናገራል። መነሻ የሌለው ቁጥር ብዙ ቅጽ ላይ አያለሁ፤ “350 ደንበኞችን አስተናግጃለሁ” ይላል፣ አምና 400 ይሁን 200 ግን አይነግረኝም።

ቁጥሩ ተሻሽሏል፤ ግን ያሻሻልኩት እኔ መሆኔን በምን ላሳይ?

ብዙ ቅጽ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከ11 ወደ 6 መውረዱ እውነት ነው። ግን ለምን ወረደ?

ሠራተኛዋ መዝገቡን መልሳ አየች። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከ96ቱ ጥያቄዎች 38ቱ ሰነድ ጎድሏቸው ወደ ክፍሎቹ ተመልሰው ነበር፤ አንዱ ደረሰኝ የለውም፣ ሌላው የዕቃ መረከቢያ አልተያያዘበትም። በ5ኛው ወር ምን ምን ሰነድ መሟላት እንዳለበት የሚዘረዝር አንድ ገጽ አዘጋጅታ ለክፍሎቹ ሁሉ ላከች። በመጨረሻው ሩብ ዓመት የተመለሱት ከ104ቱ 12 ብቻ ናቸው። ምክንያትና ውጤት እዚህ ይገናኛሉ፤ ዝርዝሩን የላከችበት ኢሜይልም ቀን አለው።

ነገር ግን በ7ኛው ወር ሌላ ለውጥ መጣ። ድርጅቱ ከተወሰነ መጠን በታች ያሉ ክፍያዎች በሁለት ፈንታ በአንድ ፊርማ እንዲወጡ ወሰነ። ይህ የእሷ ሥራ አይደለም፤ ቀኖቹን ግን እሱም ቀንሷል። ዝም ብላ ብታልፈው አንድ አስተዋይ አንባቢ “ፊርማው ስለቀነሰ አይደለም እንዴ?” ይላል፤ ያኔ የሠራችውም አብሮ ይጠረጠራል።

ስለዚህ አዲሱ የፊርማ ደንብ የማይነካቸውን ትላልቅ ክፍያዎች ብቻ ለይታ አሰላች። እነሱ ከ12 ቀን ወደ 8 ቀን ወርደዋል። ከ11 ወደ 6 የሚለውን ያህል አያስደንቅም፤ ግን የፊርማው ለውጥ አልገባበትም፣ ስለዚህ ለመከራከር ይበልጥ ይጠነክራል። በመጨረሻ የጻፈችው ይህን ነው፦

“በ5ኛው ወር ለክፍሎች ባሰራጨሁት የሰነድ ማሟያ ዝርዝር፣ ጎድለው የሚመለሱ የክፍያ ጥያቄዎች በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከነበረው ከ96ቱ 38 በመጨረሻው ሩብ ዓመት ወደ ከ104ቱ 12 ወርደዋል። የተለመደ ክፍያ የሚፈጀው ጊዜም ከ11 ወደ 6 ቀን አጥሯል (ቀኖቹ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው)። ከዚህ ከፊሉ በ7ኛው ወር የመጣው የፊርማ ደንብ ውጤት ነው፤ ደንቡ የማይመለከታቸው ክፍያዎች ብቻቸውን ሲታዩ ከ12 ወደ 8 ቀን ወርደዋል። ምንጭ፦ የክፍያ መዝገብ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሩብ ዓመት።”

ትልቁን ቁጥር ራሷ ማሳነሷ የሚያስፈራ ይመስላል። ከልምዴ እንዳየሁት ግን እንዲህ የጻፈ ሰው ቀሪዎቹን አረፍተ ነገሮች ማንም አይጠራጠርበትም።

በቁጥር የማይወጣ ሥራስ? አዲስ ሠራተኛ አሰልጥኛለሁ፣ ሰው አስታርቄያለሁ።

ቁጥር አንዱ የማስረጃ ዓይነት እንጂ ብቸኛው አይደለም። “በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ” የሚለው ለውጥ በተጨባጭ ሁኔታ ከታየ ይበቃል። “አዲሱን ባልደረባ በማሰልጠን እገዛ አድርጌያለሁ” ከማለት ይልቅ “አዲሱ ባልደረባ ለ6 ሳምንት አብሮኝ ሠርቶ፣ ፈቃድ በወጣሁበት ሰሞን ክፍያዎቹን ብቻውን አስኬደ፤ የተመለሰ ክፍያ አልነበረም” ማለት ይቻላል። በሁለተኛው አጻጻፍ ሥልጠናው ምን እንዳፈራ ይታያል።

የምስጋና ኢሜይልን በተመለከተ ልዩነት ያድርጉ። “እናመሰግናለን፣ በርቺ!” የሚል ኢሜይል ጨዋነትን ብቻ ያሳያል። “ዝርዝሩ ከመጣ ወዲህ ሰነድ መመላለስ ቀረልን” የሚል ከሌላ ክፍል የመጣ አንድ መስመር ግን ከራስዎ ሦስት አንቀጽ ይበልጣል። ሥርዓቱ ወይም መዝገቡ ራሱ ያስቀረው ነገር ከሁሉ ይቀድማል፤ ከዚያ ሌላ ሰው የጻፈው ይመጣል፤ የራስዎ ትዝታ መጨረሻ ነው።

“እኔ ሠራሁ” ማለት ጉራ አይመስልም?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ መነሻውም ይገባኛል። ራስን ማውሳት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ ስንደርስ ባለቤቱ የጠፋ ግስ ውስጥ እንሸሸጋለን፦ “ዝርዝሩ ተዘጋጅቷል፣ ለክፍሎች ተሰራጭቷል፣ ክትትል ተደርጓል።” ማን አዘጋጀው? ማን አሰራጨው? የቢሮ አማርኛችን ይህን “ተ” በጣም ይወዳል፤ ሌላ ቦታ ላይ ባይጎዳም ግለ ምዘና ላይ ግን የቅጹን ዓላማ ያጠፋል።

ሌላው መሸሸጊያ “እኛ” ነው። አንድን ሥራ በቡድን ከሠራችሁ የቡድኑን ውጤት በ“እኛ”፣ የራስዎን ድርሻ በ“እኔ” ይጻፉ፤ ሁለቱም በአንድ አረፍተ ነገር ሊገቡ ይችላሉ፦ “ክፍላችን የዓመቱን ኦዲት ያለ ዋና ግኝት አጠናቋል፤ እኔ የክፍያ ሰነዶቹን አደራጅቼ የኦዲተሮቹን ጥያቄዎች መልሻለሁ።” የባልደረባን ድርሻ መውሰድም ሆነ የራስን መተው እዚህ ላይ አይኖርም።

ጉራ የሚሆነው “እኔ” የሚለው ቃል አይደለም። ቅጽሎቹ ናቸው፦ “እጅግ ውጤታማ”፣ “ከፍተኛ ተነሳሽነት”፣ “የላቀ ብቃት”። እነሱን ሰርዘው ቀኑን፣ ቁጥሩንና ያደረጉትን ነገር ብቻ ይተዉ፤ ጽሑፉ ወዲያው ትሑት ይሆናል።

“ተሳትፌያለሁ”፣ “አስተባብሬያለሁ”፣ “ድጋፍ ሰጥቻለሁ” በሚሉት ላይም ይጠንቀቁ። ስብሰባ ላይ የተቀመጠም ተሳትፏል። ምን አደረጉ? ጻፉ፣ ቆጠሩ፣ ደወሉ፣ አረሙ፣ ወሰኑ?

ማስረጃውን ሁሉ ላያይዝ?

አያያይዙ። የት እንደሚገኝ መጥቀስ ይበቃል፦ የመዝገቡ ስምና ወር፣ የኢሜይሉ ቀን፣ የቃለ ጉባኤው ቁጥር። ሲጠየቁ በደቂቃ ውስጥ ማቅረብ እንዲችሉ ግን አንድ ቦታ ሰብስበው ያስቀምጡት። የደንበኞችን ወይም የአቅራቢዎችን የሂሳብ ቁጥር የያዘ ሰነድ “ለማስረጃ” ብለው ወደ ግል ኢሜይልዎ አይላኩ። ለስኬት ማስረጃ ሲሉ የዲሲፕሊን ጉዳይ ይከፍታሉ።

ድክመቴን ራሴ መጻፌ በራሴ ላይ መመስከር አይደለም?

ኃላፊው የማያውቀውን ምስጢር ከሆነ የሚነግሩት፣ ምናልባት። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያውቀዋል። የዘገየው ሪፖርት እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው የዘገየው። እርስዎ ካልጻፉት እሱ ይጽፈዋል፤ እሱ ሲጽፈው ደግሞ “ሪፖርት ታዘገያለች” ብሎ ያልፋል። እርስዎ ሲጽፉት ስንት ጊዜ፣ ለምን፣ አሁንስ ምን ላይ እንደደረሰ አብሮ ይገባል።

ባዶ የተተወ ወይም “የጎላ ድክመት የለብኝም” የተባለበት ሣጥን ለእኔ ሁለት ነገር ይነግረኛል፦ ወይ ሰውየው ሥራውን አላየውም፣ ወይ እኔን አያምነኝም። ሁለቱም ለውይይቱ መጥፎ መነሻ ናቸው።

ምን ይመረጥ? አንድ ወይም ሁለት፣ ከሥራዎ ጋር የተያያዘ፣ ኃላፊዎ ሊያውቀው የሚችል፣ እርስዎም መለወጥ የጀመሩት ቢሆን ይመረጣል። ሕመም፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ የገንዘብ ችግር እዚህ ቅጽ ላይ አይገቡም። ቅጹ ማኅደርዎ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወደፊት ማን እንደሚከፍተው አያውቁም። እንዲህ ያለው ነገር ሥራዎን ከነካው ከኃላፊዎ ወይም ከሰው ኃይል ክፍል ጋር ለብቻው ይነጋገሩበት።

እሺ፣ ድክመቱ በምን ቃል ይጻፍ?

የክፍያ ሠራተኛዋ ችግር የወር ሪፖርቱ ነበር። የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያው ወሩ በገባ በ5ኛው ቀን መድረስ ሲገባው በዓመቱ 5 ጊዜ ዘግይቷል። ሦስት ረቂቆቿን ላሳይዎት።

የመጀመሪያው፦ “ሥራዬ እንከን የለሽ እንዲሆን ስለምፈልግ አንዳንዴ እዘገያለሁ።” ይህ ድክመትን በምስጋና ወረቀት የመጠቅለል ዘዴ ነው። አንባቢው ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላውንም ገጽ በዚያው ፈገግታ ያነበዋል።

ሁለተኛው፦ “የጊዜ አጠቃቀም ችግር አለብኝ፤ ዝርክርክ ነኝ።” አሁን ወደ ሌላው ጽንፍ ሄደች። እውነት ለመናገር የፈለገች ይመስላል፣ ነገር ግን ስለ አምስት ሪፖርት ሳይሆን ስለ ባሕርይዋ ነው የፈረደችው። ኃላፊው ይህን ስብሰባ ላይ ቢደግመው ሰው ሁሉ የሚሰማው “ዝርክርክ ናት” የሚለውን ነው። ስለ ድክመት ስንጽፍ የምንገልጸው የተደረገውን ወይም ያልተደረገውን ነገር እንጂ የሰውየውን ማንነት አይደለም። ድርጊት ይታረማል፤ “ነኝ” የሚለው ግን ፍርድ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ይህ ነው፦

“በዓመቱ ካስረከብኳቸው 12 የሂሳብ ማስታረቂያ ሪፖርቶች 5ቱ ከቀነ ገደቡ ከ2 እስከ 4 ቀን ዘግይተዋል፤ በዚህም ሁለት ጊዜ የወሩ ሂሳብ መዝጊያ ተገፍቷል። የዘገዩት ማስታረቁን ወሩ ካለቀ በኋላ በአንድ ጊዜ ስለምጀምር ነው። ከ10ኛው ወር ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ የሳምንቱን ማስታረቅ ጀምሬያለሁ፤ የመጨረሻዎቹ 3 ሪፖርቶች በቀናቸው ደርሰዋል። በሚቀጥለው ዓመት 12ቱንም በቀነ ገደቡ ለማስረከብ አቅጃለሁ፤ ለዚህም የባንክ መግለጫው በወር አንዴ መሆኑ ቀርቶ በየሳምንቱ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።”

ምን እንዳደረገች እንይ። መጠኑን ለካች፤ “አንዳንዴ” እና “ትንሽ” የሚሉ ማለስለሻዎች የሉም፣ “ሁልጊዜ” የሚል ማጋነንም የለም። አምስት ነው፣ አምስት አለች። ጉዳቱን አልሸሸገችም፤ የሂሳብ መዝጊያው መገፋቱን ኃላፊው ያውቀዋል፣ ቢቀር ያስተዛዝብ ነበር። ምክንያቱን በእጇ ካለው ነገር ፈለገች። ከሁሉ በላይ ግን ለውጡን ከምዘናው በፊት ጀምራዋለች። “አሻሽላለሁ” የሚል የወደፊት ግስ ብቻውን ቃል ኪዳን ነው፤ ሦስት በጊዜ የደረሱ ሪፖርቶች ግን ማስረጃ ናቸው። ምዘናው አንድ ወር ከቀረውና ገና ምንም ካልጀመሩ ዛሬ ይጀምሩ፤ በአራት ሳምንት የሚቆጠር ነገር ይኖርዎታል።

መጨረሻ ላይ የጠየቀችውም ነገር የተለየ ነው። “ሥልጠና ቢሰጠኝ” የሚለው በየቅጹ የምናየው ልማድ ነው፤ ማስታረቅ መቼ እንደሚጀመር ግን ሥልጠና አያስተምርም። የጎደላት መግለጫው በጊዜ መድረሱ ነበርና እሱን ጠየቀች።

መዘግየቱ የሌላ ሰው ጥፋት ቢሆንስ? እውነቱን መናገር የለብኝም?

ይናገሩ፤ ግን በስም አይክሰሱ፣ የራስዎንም ድርሻ አይዝለሉ። “የሽያጭ ክፍል መረጃ ስለማይልክልኝ ዘግይቻለሁ” ሲባል አንባቢው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ መረጃው ሳይመጣ ሲቀር እርስዎ ምን አደረጉ? መልሱ “ጠበቅሁ” ከሆነ ድክመቱ እዚያ ነው ያለው። “መረጃው በ4 ወራት ከቀኑ ዘግይቶ ደርሶኛል። ለክፍሉ ማስታወሻ መላክ የጀመርኩት በ8ኛው ወር ነው፤ ቀደም ብዬ ማሳወቅ ነበረብኝ” ቢሉ ሁለቱም እውነት በቦታው ይቀመጣል።

ግቡ መሐል ላይ ከተቀየረ ወይም ከተሰረዘስ?

የመጀመሪያውን ግብ፣ የተቀየረበትን ቀንና የወሰነውን አካል በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ከዚያ እስከዚያ ቀን የደረሱበትን። ዝም ብለው ከዘለሉት ያልተሠራ ይመስላል። ረጅም ፈቃድ ላይ ከነበሩም በሥራ ላይ የነበሩበትን ወራት ብዛት ብቻ ይጥቀሱ፤ ምክንያቱን ማብራራት አይጠበቅብዎትም።

ለራሴ ስንት ነጥብ ልስጥ?

“ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ” ይባላል፤ ኃላፊዎችም ይህን ስለሚያውቁ በየሣጥኑ 5 የሞላ ቅጽ ሲያዩ ማንበብ ያቆማሉ። ግን ተቃራኒውም አለ፤ ሠርቶ 3 የሚሰጥ ትሑት ሰው። አንዳንድ ኃላፊ ደግሞ ሠራተኛው ለራሱ ከሰጠው በላይ ለመስጠት ይቸገራል፤ ስብሰባው ላይ “እሱ ራሱ 3 ብሏል” ይባላልና። ትሕትናው ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

ከስሜት ይልቅ የመመዘኛውን ትርጉም ያንብቡ። ብዙ ጊዜ 3 ማለት “የሚጠበቀውን አሟልቷል”፣ 4 ማለት “ከሚጠበቀው በላይ” ነው። ለእያንዳንዱ 4 ከሚጠበቀው በላይ የሆነውን አንድ ነገር መጥቀስ ይችላሉ? ሠራተኛዋ ለክፍያ ሥራ 4 ሰጠች፤ ዝርዝሩን አዘጋጂ ያላት አልነበረም፣ ውጤቱም ይታያል። ለሪፖርት 3 ልትል ፈልጋ ነበር። ከ12 አምስት መዘግየት ግን “አሟልቷል” አይባልም፤ 2 ሰጠች። ያ 2 ነው 4ቱን የሚያስተማምነው።

ስንት ገጽ ይሁን?

ቅጹ ካልወሰነ አንድ ገጽ ተኩል። ሦስት ስኬት፣ አንድ ወይም ሁለት ድክመት።

አስገብቼ ኃላፊዬ ዝቅ ያለ ነጥብ ቢሰጠኝስ?

ፈርመው ለመገላገል አይቸኩሉ፤ እዚያው ለመከራከርም እንዲሁ። መጀመሪያ “በየትኛው ሥራ ላይ ነው የተለያየነው?” ብለው ይጠይቁ። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ነው፦ እሱ የማያውቀው ነገር አለ፣ እርስዎ የማያውቁት ቅሬታ ደርሶታል፣ ወይም “ከሚጠበቀው በላይ” የሚለውን ሁለታችሁ በተለያየ መንገድ ትረዱታላችሁ። የመጀመሪያው ከሆነ ያስቀመጡትን ማስረጃ ያውጡ። ሁለተኛው ከሆነ መቼና ምን እንደተባለ ይጠይቁና ለመመለስ አንድ ቀን ይውሰዱ። ሦስተኛው ከሆነ በዚህ ዓመት ነጥቡን ማስቀየር ይከብዳል፤ ለሚቀጥለው ዓመት 4 ምን ማለት እንደሆነ ግን በቁጥር ተስማምታችሁ እዚያው ቅጽ ላይ ይጻፍ።

ብዙ ቅጾች ላይ “የሠራተኛው አስተያየት” የሚል ሣጥን አለ። ካልተስማሙ እዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት አረፍተ ነገር ያስፍሩ፦ ያልተስማሙበትን ነጥብ፣ ማስረጃው የት እንደሚገኝ፣ የተወያያችሁበትን ቀን። ፊርማዎ ብዙ ጊዜ “አይቻለሁ” እንጂ “ተስማምቻለሁ” ማለት አይደለም፤ ከመፈረምዎ በፊት ግን ከፊርማው በላይ ያለችውን መስመር ያንብቧት።